አንዲት ስድብ ስትተረጎም



ባለፈው ሴሚስተር በሐሙስ ማታ ደርሳችን ላይ አንድ ሐዲስ ከዐረብኛው ወደ አማርኛ መልሼ እንዳነብ ተመደብኩ። የሐሙሱ ደርስ በአማርኛ የሚሰጠው ከወሎ፣ ከስልጤና ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት መጥተው አፋን ኦሮሞ ገና ላልለመዱ ተማሪዎች ተብሎ ነው። የደረሰኝ የአቡ ዘር (ረ.ዐ) ሐዲስ ነበር። ሁላችሁም በኹጥባ ሰምታችሁታል፤ አቡ ዘር ቢላልን (ረ.ዐ) «የጥቁር ሴት ልጅ» ብሎ ሰደበው፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ተቆጡት እየተባለ ይተረካል። ግማሽ ሰዓት ይበቃኛል ብዬ ነበር። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ያን ሁሉ ጊዜ የወሰደችውም አንዷ ስድብ ናት።

መጀመሪያ በኹጥባ የሰማሁትን «ያ ኢብነ ሰውዳእ» ቃል በቃል ገለበጥኩና ዶርም ውስጥ ለልጆቹ አነበብኩላቸው። «አንተ የጥቁር ሴት ልጅ» ስል ዝም አሉ። ቀጥሎ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ቁጣ ሳነብ አንዱ አቋረጠኝና «ቆይ፣ ስድቡ የቱ ጋ ነው? ሁላችንም የጥቁር ሴት ልጆች አይደለንም እንዴ?» አለ። ተሳሳቁ። እውነቱን ነበር። በዚያን ጊዜ ዐረብ ዘንድ የሰው ክብር በጎሳውና በትውልዱ ይለካ ስለነበር «እናትህ ጥቁር ናት» ማለት «አንተ ከእኛ ወገን አይደለህም» ማለት ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ጥቁርነት በሰፈሩ፣ በተናጋሪውና በአነጋገሩ ሊያቆስል ቢችልም፣ ቃሉ ብቻውን ወረቀት ላይ ሲቀመጥ ያን ያህል አይከብድም። ስለዚህ ትርጉሜ ቃሉን ይዞ ቁስሉን ጥሎት ነበር። አድማጩ «ይቺን ለሚያህል ነገር ይህ ሁሉ ቁጣ?» ብሎ እንዲገረም አደረግኩት። ይህ ደግሞ ቀላል ስህተት አይደለም፤ ቁጣው የማን እንደሆነ አስቡት።

በሁለተኛው ረቂቅ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄድኩ። ዐረቡ ያኔ የሰማውን ያህል የኛ ሰው እንዲሰማው ምን ልበል ብዬ ሳስብ የመጣልኝ «አንተ የባሪያ ልጅ» የሚለው ነበር። ጮክ ብዬ ሳነበው እውነትም ያስደነግጣል። ደስ አለኝ። ከቤጊ በኩል የመጣ አንድ ወንድማችን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ ነበር። ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠና «አኺ፣ ይህን በማይክ ልታነበው ነው?» አለኝ። «ሐዲሱ ላይ ያለ ስድብ ነው እኮ፣ እኔ አልተሳደብኩም» አልኩት። «ልጅ ሆኜ ገበያ ላይ ብለውኛል፤ እናቴም ቆማ ትሰማ ነበር» አለ። ትንሽ ቆይቶም «አቡ ዘር ተውበት አድርጎ አልፏል። አንተ ስታነበው ግን እኔ ፊትህ ተቀምጬ እሰማዋለሁ» ብሎ ሻዩን አነሳ።

ወለጋ ውስጥ ይህ ቃል ለምን እንዲህ እንደሚከብድ ለማናችንም መንገር የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ከዚህ ወደ ምዕራብ ባለው አገር ሰው ሲሸጥና ሲለወጥ ኖሯል። ባርነትን የሚሽረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም ነው፤ የብዙዎቻችን አያቶች ያኔ በሕይወት ነበሩ። ነቀምት ውስጥ ስማቸው የሚነሳው ኦነሲሞስ ነሲብና አብራቸው የሠራችው አስቴር ጋኖ፣ አፋን ኦሮሞን በጽሑፍ ካቆሙት ከመጀመሪያዎቹ መካከል ናቸው፤ ሁለቱም በባርነት ተወስደው ነፃ የወጡ ሰዎች ነበሩ። «ባሪያ» በአማርኛም ሆነ «ገርባ» በአፋን ኦሮሞ እዚህ አካባቢ ዛሬም ጣት የሚጠቆምበት ቃል ነው። ጣቱ የሚጠቆምባቸው ሰዎች ደግሞ ከሶፋችን ውስጥ አሉ።

በዚያ ላይ ሌላ ችግር አለው። የእኛ አማርኛ ዐብድ የሚለውን የሚተረጉመው በዚሁ ቃል ነው። ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) «የአላህ ባሪያና መልዕክተኛ» ስንል ከዚያ በላይ ክብር የለም፤ በአፋን ኦሮሞም «ገርቢቻ ረቢ» ይባላል። በአንድ ማታ፣ በአንድ ምላስ፣ አንዱን ቃል በመክፈቻው ላይ ለክብር፣ በመሐሉ ላይ ለውርደት ልጠቀምበት ነበር ማለት ነው።

ግራ ሲገባኝ ከተማ ውስጥ ዐረብኛ ያስቀሩኝ ኡስታዝ ጋ ሄድኩ። ሁለቱንም ረቂቅ አዳመጡና መልሱን አልነገሩኝም፤ «ይህ ቃል የትኛው ኪታብ ላይ ነው ያለው?» ብለው ጠየቁኝ። ቡኻሪ ላይ ነው አልኳቸው። «አውጣና አሳየኝ» አሉ። ኪታቡል ኢማንን ገለጥኩ፤ የለም። ቡኻሪ ዘንድ አቡ ዘር የሚለው አንድን ሰው መስደቡን፣ እናቱንም አንስቶ ማነወሩን ብቻ ነው። ሰውየው ማን እንደሆነ አይናገርም፤ ስድቡንም አይደግመውም። እዚያው ቡኻሪ ኪታቡል አደብ ላይ ባለው ዘገባ የሰውየው እናት ዐጀሚያ፣ ማለትም ዐረብ ያልሆነች ሴት እንደነበረች ይጨመራል። «ኢብነ ሰውዳእ» የሚለውና የቢላል ስም የሚገኘው በበይሀቂ ሹዐቡል ኢማን ባለው ዘገባ ነው። ኢብኑ ሐጀር ፈትሑል ባሪ ላይ ሰውየው ቢላል ነው መባሉን ያነሳሉ፤ ሰነዱ የተቆረጠ መሆኑንም ይጠቁማሉ። አቡ ዘር ጉንጩን መሬት አድርጎ «ርገጠኝ» አለ የሚለው በሰፊው የሚወራ ታሪክም ቡኻሪ ውስጥ የለም። እኔ ለሁለት ሳምንት የለፋሁት ልተረጉመው በተሰጠኝ ጽሑፍ ውስጥ ለሌለ ቃል ነበር። አቡ ዘር ራሱ ጥፋቱን ሲናዘዝ ስድቡን መልሶ አፉ ላይ አላደረገውም። እኔ ግን ልናገርለት ነበር።

ነገር ግን ሥራው በዚህ አላለቀም። «በእናቱ ሰደብኩት» ብዬ ጻፍኩና ኡስታዙ ሳቅ አሉ። በአማርኛ እናት ከስድብ ጋር ስትነሳ ሰው የሚያስበው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ከመናኸሪያ የሚሰማውን ጸያፍ ነገር ነው። አድማጩ ታላቁን ሶሓባ ያንን የተናገረ አድርጎ ሊረዳው ነው። የዐረብኛው ዐየረ ግን ጸያፍ መናገር ሳይሆን፣ ሰው የማያፍርበትን ነገር እንደ ነውር አንስቶ ማሳፈር ነው። «ነቀፍኩት» ብል ቀለለ፤ ሥራውን የነቀፈ ይመስላል። «አዋረድኩት» ብል በምን እንደሆነ አይታወቅም። በመጨረሻ «የእናቱን ዘር አንስቼ አነወርኩት» የሚለው ላይ ረጋን። «ዘር» የሚለው ቃል በዐረብኛው የለም። የጨመርነው ዐጀሚያ ስለሚል ነው፤ ስድቡ የሴትየዋን ጠባይ ሳይሆን የመጣችበትን ወገን እንደሚነካም ግልጽ ያደርጋል። ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ደግሞ «ዘሩን አንስቶ ሰደበው» ከተባለ ክብደቱን ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። የተሰደበበትን ቃል እያንዳንዱ ከገዛ ትዝታው ያመጣዋል።

ከዚህ የተማርኩት መለኪያ ይህ ነው፤ የስድብን ክብደት ከመዝገበ ቃላት ሳይሆን ከተሰጠው መልስ ወደ ኋላ እየሄዳችሁ ለኩት። ትርጉማችሁን አንብቡና ቀጥሎ የሚመጣውን ተግሣጽ አድምጡ። ተግሣጹ ከጥፋቱ የገነነ መስሎ ከተሰማችሁ ቃላችሁ ቀሏል። አድማጩ ስድቡ ላይ ተቸክሎ ተግሣጹን ሳይሰማው ካለፈ ደግሞ ቃላችሁ ከብዷል። የመጀመሪያው ረቂቄ በአንደኛው፣ ሁለተኛው በሌላኛው ወደቀ። በእርግጥ ቃሉ በግልጽ የሰፈረበትን የበይሀቂን ዘገባ ብተረጉም ኖሮ እንዲህ ማለፍ አልችልም ነበር። ያኔ ዐረብኛውን እንዳለ ትቼ ክብደቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር አስረዳ ነበር እንጂ በ«ባሪያ» አልተካውም፤ ዘገባው ስለ ቀለም እንጂ ስለ ባርነት አይናገርምና።

ተግሣጹ ራሱ ላይም ተሰናክዬ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለአቡ ዘር የሰጡትን መልስ መጀመሪያ የጻፍኩት «አንተ መሃይም ነህ» ብዬ ነው። ኡስታዙ ብዕሬን ቀሙኝ። «ስድብን በስድብ አስመለስካቸው!» አሉ። መሃይም እኛ ዘንድ ሰውን ማንቋሸሻ ነው። ዐረብኛው የሚለው ግን እሱ ጃሂል ነው አይደለም፤ በውስጡ ጃሂሊያ እንዳለበት ነው። ሰውየውና ነውሩ ተለያይተዋል፤ ያለበት ነገር ሊወጣለት ይችላል። ስለዚህ «ጃሂሊያ ያለብህ ሰው ነህ» ብዬ አስተካከልኩት። ጃሂሊያን አልተረጎምኩትም፤ አድማጮቼ ቃሉን ያውቁታል፣ «ድንቁርና» ቢባል ደግሞ የትምህርት ጉድለት ይመስላል። አቡ ዘር የጎደለው ትምህርት አልነበረም።

ሐሙስ ማታ አነበብኩት። ስድቡ በአንድ ዐረፍተ ነገር አለፈ፤ የሳቀም የደነገጠም አልነበረም። ቀጥሎ የሐዲሱ ዋና ክፍል መጣ፤ በእጃችን ሥር ያሉት ወንድሞቻችን እንደሆኑ፣ ከምንበላው እንድናበላቸው፣ ከምንለብሰው እንድናለብሳቸው፣ ከአቅማቸው በላይ እንዳናዛቸው፣ ካዘዝናቸውም እንድናግዛቸው። ስጨርስ እጁን ያወጣው የቤጊው ወንድማችን ነበር። ስለ ስድቡ ይጠይቀኛል ብዬ ሆዴ ፈራ። እሱ ግን የጠየቀኝ ስለ ልብሱ ነው፤ «መጀመሪያ ላይ ረበዛ ያገኘው ሰው አቡ ዘርንና አገልጋዩን አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው አይቶ ነው አይደል ይህን ሁሉ የጠየቀው?» አለ። አዎ አልኩት። የሐዲሱ መነሻ እሱ ነው። አቡ ዘር የስድቡን ታሪክ የተናገረው አገልጋዩ ለምን እንደሱ እንደለበሰ ሲጠየቅ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት በጻፍኩት ረቂቅ ቢሆን ኖሮ ያን ልብስ ማንም አያየውም ነበር።