እርጉዝ ሆኜ ሽንቴ ያቃጥለኛል፤ የትኛውን ፀረ ባክቴሪያ ልውሰድ?

አምቦ በምሠራበት ክፍል ነፍሰ ጡሮች ደጋግመው ከሚጠይቁኝ አንዱ ይህ ነው፦ «ዶክተር፣ ሽንቴ ያቃጥለኛል። ባለፈው ለባለቤቴ የታዘዘ ሲፕሮ ቤት ተርፏል፤ ልውሰደው?» መልሴ «አይሆንም» ነው። ግን ምክንያቱንና በምትኩ የሚወሰደውን ካላወቃችሁ፣ ነገ ጎረቤት «ውሰጂው፣ ምንም አይልሽም» ስትላችሁ የምትመልሱት አይኖራችሁም። ስለዚህ ዛሬ ረጋ ብዬ ላስረዳችሁ።

በእርግዝና ጊዜ ሽንት ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርድበት ቱቦ ይላላል፣ እያደገ የሚሄደው ማኅፀንም ይጫነዋል። ሽንት ቶሎ ስለማይወርድ ባክቴሪያ ለመራባት ጊዜ ያገኛል፣ ወደ ኩላሊትም በቀላሉ ይወጣል። ኩላሊት ከተመረዘ እናትየዋ በጠና ልትታመም፣ ምጥም ያለ ጊዜው ሊመጣ ይችላል። በእርግዝና ጊዜ የሽንት ኢንፌክሽን «ውሃ ጠጥቼ ያልፋል» የማይባለው ለዚህ ነው። በእኛ አካባቢ «የአምቦ ውሃ ያጥበዋል» የሚሉም አሉ። መጠጣቱ ጥም ይቆርጥ እንደሆን እንጂ ባክቴሪያውን አይገድልም።

ብዙ ጊዜ የማየውን በአንዲት እናት ምሳሌ ላሳያችሁ። ከጉደር በኩል የመጣች የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት እንበል። ሽንቷ ካቃጠላት ሦስት ቀን ሆኗታል፣ ቶሎ ቶሎ ይመጣባታል፣ ራሷንም ያማታል። መጀመሪያ በሄደችበት ቦታ ደም ተወስዶ «ታይፎይድ ነው» ተብላ ሲፕሮፍሎክሳሲን ተሰጥቷታል፤ ግን ስለፈራች አልጀመረችውም። በየቦታው «ታይፎይድ» የሚያስብለው ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ ብቻውን በሽታውን አያረጋግጥም። ቀድሞ በነበረ ሕመም ወይም በሌላ ኢንፌክሽን ምክንያትም ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። እውነተኛ ታይፎይድ ቢሆን እንኳ ለነፍሰ ጡር እንደ ሴፍትሪአክሶንና አዚትሮማይሲን ያሉ የተሻሉ ምርጫዎች አሉ።

የዚህች እናት ሽንት ሲመረመር ነጭ የደም ሴልና ናይትራይት ተገኘ። ቀጥሎ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ማስመለስ አለ? ከጎድን በታች ጀርባዋን መታ መታ ሲያደርጓት ያማታል? ፔኒሲሊን ወስዳ ሰውነቷ አሳክኳት ወይም አብጦባት ያውቃል? ሦስቱም «የለም» ከሆነ ኢንፌክሽኑ ፊኛ ላይ ነው ማለት ነው፣ በሚዋጥ መድኃኒት ይታከማል። ለእሷ የሚሆነው ሴፋሌክሲን ነው፤ 500 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለ7 ቀን። የሽንት ካልቸር በሚሠራበት ቦታ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ናሙና ይወሰዳል። አሞክሳሲሊንም ለፅንሱ አይጎዳም። ችግሩ በአገራችን ይህን ኢንፌክሽን የሚያመጣው ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ አሞክሳሲሊንን መላመዱ ነው፤ ስለዚህ ካልቸር «ይሠራል» ሲል ይመረጣል።

በሁለት ቀን ውስጥ ማቃጠሉ መቀነስ አለበት። ካልቀነሰ መድኃኒቱ ላይሠራ ስለሚችል ተመለሱ። ቢሻላችሁም 7ቱን ቀን ጨርሱ፤ ከጨረሳችሁ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ሽንታችሁ ድጋሚ ይታይ፤ ምልክቱ ጠፍቶ ባክቴሪያው ሊቀር ይችላልና። ትኩሳት፣ የጀርባ ሕመምና ማስመለስ ካለ ግን ነገሩ ኩላሊት ደርሷል። ያኔ እንክብል አይበቃም፤ ከግንጪም ሆነ ከጌዶ ሳታድሩ ወደ ሆስፒታል ኑ፣ በመርፌ ትታከማላችሁ።

አሁን ወደሚከለከሉት እንምጣ። ሲፕሮፍሎክሳሲን ሌላ ምርጫ እያለ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ በእንስሳት ላይ ሲሞከር በሚያድግ መገጣጠሚያ ላይ ጉዳት አሳይቷል። ዶክሲሳይክሊንና ቴትራሳይክሊን ከአራተኛው ወር ጀምሮ በሚሠራው የልጁ ጥርስና አጥንት ውስጥ ገብተው ይቀመጣሉ፣ በኋላም የሚወጣው ጥርስ ቀለሙ ይቀየራል። ኮትሪሞክሳዞል፣ ማለትም ባክትሪም፣ የፎሌትን ሥራ ስለሚያግድ የፅንሱ አካል በሚሠራባቸው የመጀመሪያ ሦስት ወራት ይቀራል። በመጨረሻው ወር ደግሞ የሕፃኑን ቢጫነት ሊያባብስ ይችላል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ከኤችአይቪ ጋር የምትኖሩና ኮትሪሞክሳዞል ለመከላከያ የታዘዘላችሁ እናቶች ይህን አንብባችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ለእናንተ ጥቅሙ ስለሚያመዝን ሐኪማችሁን አነጋግሩ።

ናይትሮፉራንቶይን የሚባለው ወሩ የሚወስነው መድኃኒት ነው። በእርግዝናው መካከል ለፊኛ ኢንፌክሽን ጥሩ ነው። ዘጠነኛው ወር ሲገባ ግን የሕፃኑን ቀይ የደም ሴል ሊሰባብር ስለሚችል ይቆማል፤ ኩላሊት ለደረሰ ኢንፌክሽንም አይሠራም። ለእህታችሁ በአምስት ወሯ የታዘዘው ለእናንተ በዘጠነኛው ወር የማይሆነው እንዲህ ነው።

«እርጉዝ መሆኔን ሳላውቅ ሲፕሮ ወስጄ ነበር» ብላችሁ በጭንቀት የምትጽፉልኝ አላችሁ። ሳያውቁ የወሰዱ እናቶች ሲከታተሉ የአካል ጉድለት ያለበት ልጅ የመውለድ ዕድላቸው እንደጨመረ አልታየም። እርግዝናውን ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም። መድኃኒቱን አቁማችሁ በክትትል ቀጠሯችሁ ንገሩን።

ከወሊድ በኋላ ደግሞ ጥያቄው ይለወጣል። ጡት ቀልቶ፣ ጠጥሮና ትኩሳት አምጥቶ የምትመጣ እናት ብዙውን ጊዜ ማጥባት አቁማ ነው የምትመጣው፤ «ወተቱ ተመርዟል፣ መድኃኒቱም ልጁን ይጎዳል» ተብላ። ሁለቱም ልክ አይደለም። ከታመመውም ጡት እንደወትሮው አጥቡ። ማጥባት ሲቆም ወተቱ ይጠራቀማል፣ ወደ መግልም ሊሄድ ይችላል። ጡቱን በኃይል ማሸትም እብጠቱን ያብሳል። በአንድ ቀን ውስጥ ካልተሻለ ወይም ትኩሳቱ ከበረታ ክሎክሳሲሊን 500 ሚሊግራም በየ6 ሰዓቱ ይታዘዛል፣ ብዙ ጊዜ ለ10 ቀን። ወደ ወተት የሚያልፈው ጥቂት ነው፤ ልጁ ተቅማጥ ካመጣ ወይም አፉ ውስጥ ነጭ ነገር ከታየ አሳዩን እንጂ ማጥባት አታቁሙ። ሲነኩት ውሃ እንደያዘ የሚል እብጠት ካለ መግል ቋጥሯል፤ መቀዳት አለበት፣ እንክብል ብቻ አያድነውም።

ሜትሮኒዳዞል በተለመደው መጠን ሲወሰድም ማጥባት ይቀጥላል፤ የወተቱን ጣዕም ትንሽ ሊያመረው ይችላል። ኮትሪሞክሳዞልና ናይትሮፉራንቶይን ግን ልጁ ወር ካልሞላው፣ ያለ ጊዜው ከተወለደ ወይም ቢጫ ከሆነ ሌላ ይፈለግላቸዋል። ክሎራምፌኒኮል ለምታጠባ እናት አይሰጥም።

ስለዚህ ፋርማሲ መስኮት ላይ ወረቀቱን ከማቀበላችሁ በፊት ሳትጠየቁ ይህን ተናገሩ፦ «የስንት ወር እርጉዝ ነኝ» ወይም «ልጄ ይህን ያህል ጊዜው ነው፣ ይጠባል»፤ «ይህ መድኃኒት አይስማማኝም»፤ «ይህን ሌላ መድኃኒት እየወሰድኩ ነው»። ሆዳችሁ ገና ካልገፋ ማንም አይቶ አያውቅላችሁም። ቤት የተረፈውን ሲፕሮ ደግሞ ለማንም አታካፍሉ።