የፍራንክፈርትን ሰዓት እርሱት

በኛ ቤት የአውሮፕላን ቲኬት ማንበብ የኔ ሥራ ነው። ማን እንደሾመኝ አላውቅም፤ ብቻ ከዘመድ አንዱ ሊበር በተነሳ ቁጥር ስልኩ እኔ ጋ ይጮኻል። ጥያቄው ሁሌም ያው ነው፦ «ስንት ሰዓት ይደርሳል?»

መጋቢት 2017 የአክስቴ ልጅ ወደ ዋሽንግተን ልትሄድ ስትል ቲኬት የቆረጠላት ሰው የላከላት መልእክት አጭር ነበር። መነሻ ከአዲስ አበባ ማክሰኞ ማርች 11፣ 00:10። እስከ ፍራንክፈርት 7 ሰዓት ከ15። እዚያ 5 ሰዓት ቆይታ። ከዚያ እስከ ዋሽንግተን 8 ሰዓት ከ50። የመድረሻ ሰዓት የለም! ወንድሟ እዚያ የሚሠራው በፈረቃ ነውና ትክክለኛውን ሰዓት ካላወቀ ፈቃድ መጠየቅ አይችልም። እንግሊዝኛ የማትችል ልጅ ደግሞ በሻንጣ ላይ ተቀምጣ ወንድሟን እንድትጠብቅ ማንም አይፈልግም።

ከመድረሻው በፊት ግን መነሻው ራሱ ጣጣ አለው። አክስቴ «ማክሰኞ ማታ እንሸኛታለን» ብላ ጎረቤት ሁሉ ጠርታለች። 00:10 ማለት በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6:10 ነው፤ እኛ ሰኞ ሌሊት፣ ለማክሰኞ አጥቢያ የምንለው። ፈረንጁ ቀኑን የሚቀይረው እኩለ ሌሊት ላይ ስለሆነ ማክሰኞ ብሎ ይጽፈዋል። ማክሰኞ ማታ ቦሌ ብትሄዱ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ ለመገኘት ሰኞ ምሽት 3:10 ቦሌ መድረስ አለባት። አክስቴ «እኔ ሰኞ ነው ማክሰኞ ነው ብቻ ንገረኝ» አለችኝ። ሰኞ አልኳት፤ ጎረቤቱ ተቀየረ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። አብዛኛው ሰው የሚለፋው ፍራንክፈርት ላይ ነው። እዚያ ሲደርሱ ሰዓት ይቀንሳል፣ ሲነሱ እንደገና ያሰላል፣ ዋሽንግተን ላይ ሌላ ይቀንሳል፣ በመሀል አንዱን ይረሳል። ምንም አያስፈልግም። የእጅ ሰዓታችሁን ሳትነኩ በአዲስ አበባ ሰዓት እስከ መጨረሻው ሂዱ። 7:15 እና 5:00 እና 8:50 ሲደመር 21 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ይሆናል። ከማክሰኞ 00:10 ላይ ሲቆጠር ማክሰኞ 21:15 ይመጣል፤ በኛ ከምሽቱ 3:15። አክስቴ ልጇ የምታርፈው በሷ ሰዓት መቼ እንደሆነ ለማወቅ ይሄው በቂ ነው። ለወንድሟ ደግሞ የሁለቱን ከተሞች ልዩነት አንድ ጊዜ ብቻ መቀነስ ነው።

ልዩነቱ ስንት ነው? እዚህ ላይ ነው ሁሉም የሚሳሳተው። «ስምንት ሰዓት ነው» ይሏችኋል። ስምንት የሚሆነው በክረምታቸው ነው። አሜሪካኖች ሰዓታቸውን አንድ ወደፊት ሲገፉት ሰባት ይሆናል፤ እኛ ሰዓት ስለማንነካ ልዩነቱን የሚያሰፉትም የሚያጠቡትም እነሱ ናቸው። ከ2007 (በፈረንጅ) ጀምሮ የሚገፉት በማርች ሁለተኛው እሁድ ነው። አውሮፓ ግን እስከ ማርች የመጨረሻ እሁድ ይጠብቃል። በ2025 አሜሪካ ማርች 9፣ ጀርመን ማርች 30 ቀየሩ። ልጅቷ የበረረችው በመሀል ነው፤ ስለዚህ ሌላ ጊዜ 6 የሆነው የፍራንክፈርትና የዋሽንግተን ልዩነት በነዚያ ሳምንታት 5 ነበር። ፍራንክፈርትን እርሱት ያልኩት ለዚህ ነው። የምትቀንሱትም የምትነሱበትን ሳይሆን የምታርፉበትን ቀን ልዩነት ነው።

21:15 ሲቀነስ 7፣ 14:15። ከሰዓት በኋላ ሁለት ከሩብ በአሜሪካ አቆጣጠር። ስምንት የቀነሰ ሰው 13:15 ብሎ ወንድሟን አንድ ሰዓት በከንቱ ያስጠብቀዋል። በጥቅምትና በኅዳር የተገላቢጦሽ ስለሆነ ያኔ ሰባት ብሎ የለመደ ሰው አርፍዶ ሊደርስ ይችላል፤ ያ ይብሳል።

ቲኬት ላይ መነሻና መድረሻ ሲጻፍ ሁለቱም በየከተማቸው ሰዓት ነው። ከ00:10 እስከ 14:15 አይታችሁ «አሥራ አራት ሰዓት ብቻ ነው እንዴ?» እንዳትሉ። ሰባቱን ስትመልሱበት 21:05 ይሆናል። ካልሆነ ልዩነቱን በትክክል አልያዛችሁትም ማለት ነው።

ሰኞ ሌሊት አውሮፕላኑ ከቦሌ ሃምሳ ደቂቃ ዘግይቶ ተነሳ። አክስቴ በእንቅልፍ ድምፅ ደወለች፦ «እንግዲህ ልጁም በሃምሳ ደቂቃ ያርፍድ?» አይ፣ አልኳት። ሃምሳው ደቂቃ የሚበላው ከፍራንክፈርቱ አምስት ሰዓት ነው፤ ሁለተኛው አውሮፕላን ሰዓቱን ጠብቆ እስከተነሳ ድረስ ዋሽንግተን ያው 14:15 ነው። የዘገየው ሁለተኛው ቢሆን ኖሮ ግን ወዲያው ለወንድሟ እንደውልለት ነበር።