በየወሩ የሚቆረጠው ወዴት ይሄዳል?

የምንኖረው በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚባለው ሰፈር ነው። እዚህ አገር ለስልኩ፣ ለኢንሹራንሱ፣ ለልጆች ጨዋታ ሳይቀር አንድ ጊዜ ፈቃድ ከተሰጠ ገንዘቡ ከባንክ ሂሳብ በራሱ እየተቆረጠ ይሄዳል። አንዱ ፈቃድ በባል ስልክ፣ ሌላው በሚስት፣ ሌላውም በልጅ እጅ ስለሚሰጥ ሁሉንም በአንድነት የሚያሳየው ከባንኩ የሚመጣው የሂሳብ መግለጫ ብቻ ነው።

ሁለታችን ባልና ሚስት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የ13 ወር መግለጫ አትመን ተቀመጥን። አሥራ ሦስት ያልንበት ምክንያት አለን። በዓመት አንዴ የሚቆረጥ ክፍያ በ12 ወር ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ሊታይ ይችላል፤ ተደጋጋሚ መሆኑ የሚታወቀው ያለፈው ዓመት ወር አጠገቡ ሲቀመጥ ነው።

የመጨረሻውን ወር ይዘን እያንዳንዱ ስም ባለፈው ወር በዚያው ቀን አካባቢ መኖሩን ፈለግን። ያየነው ስሙንና ቀኑን እንጂ የገንዘቡን ልክ አይደለም፤ ልኩ ሊለዋወጥ ይችላልና። ቀኑም ቅዳሜና እሑድ ሲገጥመው አንድ ሁለት ቀን ይሸሻል። በየ4 ሳምንቱ የሚቆረጠው ደግሞ ከወር ወደ ወር ቀኑ ቀስ እያለ እየቀደመ ይመጣል። የአስቤዛና የቤንዚን ወጪ ስሙ ቢደጋገምም ቀኑ ሥርዓት ስለሌለው ወዲያው ይለያል። የቤት ኪራዩን፣ ኢንሹራንሱንና ለመስጊድ በየወሩ የምንሰጠውን አውቀን አለፍናቸው። ያላወቅናቸው ሁለት መስመሮች ቀሩ።

የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ APPLE.COM/BILL 10.59። ይህ ስም የሚናገረው ገንዘቡን የተቀበለውን እንጂ የተገዛውን ዕቃ አይደለም። በአፕል በኩል የሚገዛ ፕሮግራም፣ ጨዋታና ሙዚቃ ሁሉ በዚሁ አንድ ስም ይመጣል፤ አንዳንዴም ሁለት ሦስት ግዢ ተደምሮ በአንድ መስመር ይጻፋል። ፍንጭ የሰጠን የ59 ሳንቲሙ ነገር ነው። ሜሪላንድ ከመጋቢት 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በእንዲህ ያሉ ዲጂታል ሸቀጦች ላይ 6 በመቶ ታክስ ትጥላለች። 10.59ን ለ1.06 ስናካፍል 9.99 ሆነ። ስለዚህ የምንፈልገው ዋጋው 9 ዶላር ከ99 ሳንቲም የሆነ አንድ ነገር ነው።

በሁለታችን ስልክ Settings ውስጥ ገብተን ስማችንን፣ ቀጥሎም Subscriptions የሚለውን ብንነካ እንዲህ ያለ ዋጋ አጣን። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። ዝርዝሩ የሚያሳየው ግን የዚያን አንድ ሰው መለያ ብቻ ነው። ቤተሰብ በአንድ ካርድ እንዲገዛ ከተደረገ የሁሉም ሂሳብ በአንዱ ካርድ ላይ ሲወድቅ፣ ዝርዝሩ በየግላቸው መለያ ተሰውሮ ይቀራል። የትንሹ ልጃችንን ታብሌት አንስተን ያንኑ ቦታ ስንከፍት ተገኘ፦ የሥዕል መሥሪያ ፕሮግራም፣ 9.99። ታላቅ እህቱ፣ «እንዴ! የአክስቴ ልጅ በክረምት እኛ ዘንድ ሲከርም ለሳምንት በነፃ ነው ብሎ የከፈተው እኮ ነው» አለች። ነፃው ሳምንት ካለቀ በኋላ 14 ጊዜ ተቆርጦ 148 ዶላር ከ26 ሳንቲም ደርሷል። እዚያው ላይ ሰረዝነው። ፕሮግራሙን ከታብሌቱ ማጥፋት ብቻውን ክፍያውን እንደማያቆም ልብ ይሏል።

ሁለተኛው መስመር ACH DEBIT ብሎ ጀምሮ ምህጻረ ቃል የሆነ የድርጅት ስም ይከተለዋል። ACH ማለት ገንዘቡ በካርድ ሳይሆን በቀጥታ ከሂሳብ ቁጥራችን የተወሰደ ነው። ስለዚህ ካርድ ቢቀየር እንኳ አይቆምም። (በካርድ የሚቆረጠውም ቢሆን አዲስ ካርድ በማውጣት መቆሙ አያስተማምንም፤ ቪዛና ማስተርካርድ አዲሱን ቁጥር ለነጋዴው የሚያስተላልፉበት አሠራር አላቸው።) ስሙ ምንም ስላልነገረን ወደ መጀመሪያው ቆረጣ ወደ ኋላ ሄድን። በዚያ ሳምንት የተጻፉ ደረሰኞችን በኢሜይል ውስጥ በገንዘቡ ልክ፣ በቁጥር ብቻ ስንፈልግ የአንድ ስፖርት ቤት ውል ወጣ። መግለጫው ላይ ያለው ስም የሚያስከፍልለት የሌላ ድርጅት ነበር።

ለስፖርት ቤቱ መሰረዛችንን በጽሑፍ አሳወቅን፤ ለባንኩም ክፍያውን እንዲያግድ ነገርን። የአሜሪካ ሕግ ይህን ይፈቅዳል፤ ግን ቆረጣው ከሚደርስበት ቀን ቢያንስ 3 የሥራ ቀን አስቀድሞ መነገር አለበት። በቃል ከሆነ ባንኩ በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲረጋገጥለት ሊጠይቅ ይችላል። እገዳው ውሉን አያፈርስም፤ ዕዳ ካለ ዕዳው ይቀራል። ጭራሽ ያልፈቀድነው ቆረጣ ቢሆን ኖሮ ደግሞ፣ መግለጫው ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ ለባንኩ ማመልከት ነበረብን።

በቀጣዩ ወር መግለጫ ላይ የAPPLE.COM/BILL መስመር የለም። የስፖርት ቤቱ ግን አንድ ጊዜ ሞክሮ በባንኩ ተመልሷል።