«ዌርፎር» የት አይደለም

አጅባር ቁጭ ብዬ፣ ዋሊስ በጅ በ1922 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ያሳተመውን ክብረ ነገሥት ስልኬ ላይ ሳነብ «ዌርፎር» የምትል ቃል አስቆመችኝ። «ዌር» የት አይደል? ጠያቂው ቦታ የሚፈልግ መሰለኝ፤ የሚመለስለት ግን ምክንያት ነው።

የኔታ እንግሊዝኛ አያውቁም። «ግዕዙ ምን ይላል?» አሉኝ። አየን፤ «በእንተ ምንት»፣ ስለ ምን። ጥያቄ ካልሆነ ደግሞ «በእንተዝ»፣ ስለዚህ። በእንግሊዝኛው የሚለያቸው የጥያቄ ምልክቱና አገባቡ ነው።

«ዚ» ቀለለችኝ፤ «አንተን» ወይም «አንቺን» ናት፣ ለአንድ ሰው። ባለቤት ሲሆን «ዛው» ይባላል። የዛሬው «ዩ» እኮ አንዱንም ብዙውንም ይጨፈልቃል! ወንድ ይሁን ሴት ግን «ዚ»ም አትናገር፤ ለዚያ የግዕዙን «ከ» እና «ኪ» ማየት ነው።

የኔታ ሳቁ። «ታዲያ ዞረህ ዞረህ እዚሁ ልትመጣ!»