ሥዕሉን የሚያየው ጀብሎው ነው

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትጓዙ ጣርማበርን አልፋችሁ፣ ደብረ ሲናን ወርዳችሁ የይፋት ቆላ ሲጀምር ሸዋ ሮቢትን ታገኛላችሁ። እኔ እዚያ ስወርድ ለዓመታት የማደርገው ነገር አንድ ነበር። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከዚያ አንድ ፍሬ ሲጋራ።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ (ቁጥር 1112) የሲጋራ ፓኮ ከፊትም ከኋላም 70 በመቶው በሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ እንዲሸፈን አዟል። ጋዜጠኛ ነኝና ይህን አውቃለሁ። ሥዕሉን በቅጡ ያየሁት ግን አንድ ምሽት ሸዋ ሮቢት አልጋ ይዤ ሙሉ ፓኮ የገዛሁ ጊዜ ነው። ኮመዲኖው ላይ አስቀመጥኩት፣ አስጠላኝና ገለበጥኩት። ከኋላውም ሥዕል አለ።

ሥዕል ሰው ያስተዋል ወይ ለሚለው እኔ የማምነው ማስረጃ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የአሜሪካ ሙከራ ነው። ከ2,100 በላይ አጫሾች በዕጣ ተከፍለው ለአራት ሳምንት ፓኳቸው ላይ ለግማሾቹ ሥዕል፣ ለግማሾቹ ጽሑፍ ብቻ ተለጠፈ። ለማቆም የሞከሩት ሥዕል ካዩት 40 በመቶ፣ ጽሑፍ ካነበቡት 34 በመቶ ነበሩ። በመጨረሻ ቢያንስ ለሰባት ቀን ያቆሙት ደግሞ 5.7 እና 3.8 በመቶ። ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ግን አለ። የሚገርመው፣ ሥዕሉ የሰዎቹን የአደጋ ግምት እምብዛም አልቀየረም። ሲጋራ እንደሚጎዳ ቀድሞም ያውቁታል። የሠራው ደጋግሞ ስላሳሰባቸውና ስለረበሻቸው ነው።

አውስትራሊያ ከዚህም አልፋ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2012 ጀምሮ የፓኮውን ቀለምና አርማ ነጠቀችው። መንግሥት ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ ሲገመግም፣ የግብር ጭማሪውን ለይቶ፣ የአጫሾች ቁጥር በዚህ ምክንያት በ0.55 የመቶኛ ነጥብ ወርዷል አለ። ሆኖም የሥዕሎቹ መጠንም አብሮ ስላደገ የየትኛው ውጤት እንደሆነ መለየት አልተቻለም። የእኛ አዋጅ እዚህ ድረስ አልሄደም።

አሁን ወደ መናኸሪያችን እንመለስ። በአሜሪካው ሙከራ አጫሹ አንድ ሲጋራ ባወጣ ቁጥር ሥዕሉን ያያል፣ ለአንድ ፓኮ ሃያ ጊዜ። የኛ ጀብሎ ፓኮውን ከፍቶ ከማስቲካና ከሶፍት ጋር ይዞ ይዞራል፤ ሃያው ሲጋራ ለሃያ እጅ ይበተናል። ገዢው የሚቀበለው ነጭ ወረቀት ነው። ያውም በፍሬ የሚገዛው ገንዘብ ያጠረው ወይም ገና ጀማሪው ነው። ካናዳ ይህ የገባት ይመስለኛል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ማስጠንቀቂያው በእያንዳንዱ ሲጋራ ላይ እንዲታተም ደንግጋለች።

ባለፈው ወር አውቶቡሱ ሲቆም ፓኮውን እንዲያሳየኝ አንዱን ልጅ ጠየቅኩት። ሳቀ። «ወንድሜ፣ እኔ እኮ አላጨስም» አለኝ። «ግን ቀኑን ሙሉ ይሄን የማየው እኔ ነኝ።»