አንድ ቦታ ማሸጋሸግና አንድ መቀነስ

ተማሪው ለመመረቂያ ጥናቱ፣ ከሙቀት መለኪያ የሚመጡ ልኬቶችን ለጊዜው የሚያቆይ ማከማቻ በሲ ቋንቋ ጻፈ። የእያንዳንዱ ልኬት ቦታ የሚገኘው፣ ተራ ቁጥሩን ከማከማቻው መጠን አንድ ከሚያንሰው ቁጥር ጋር ቢት በቢት በ«እና» በማገናኘት ነበር። ይህ ዘዴ ማካፈልን ያስቀራል፤ የሚያገለግለው ግን መጠኑ የ2 ርቢ ሲሆን፣ ማለትም 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያለ በእጥፍ በሚያድገው ተርታ ውስጥ ሲገኝ ብቻ ነው። ስለዚህ መጠኑን የሚፈትሽ አንድ መስመር አስቀደመ፦

```c
ok = (n & (n >> 1)) == 0;
```

የ2 ርቢ በሁለትዮሽ ሲጻፍ አንዲት 1 ብቻ አለችው። ወደ ቀኝ አንድ ቦታ ስትሸጋሸግ ከቀድሞ ቦታዋ ጋር አትገጥምም፤ ውጤቱም ዜሮ ይሆናል። ተማሪው 4ን፣ 8ንና 16ን ሞከረ፤ አለፉ። 3ን፣ 6ንና 12ን ሞከረ፤ ወደቁ። ይህም በቂ ማስረጃ መሰለው።

ኋላ መጠኑን 10 አደረገው፤ ፍተሻው ዝም አለ። ማከማቻው አሥር ልኬት በተቀበለ ቁጥር ወደ ፋይል ይገለበጥና ባዶ ሆኖ ከተራ ቁጥር 0 እንደገና ይጀምራል። ተማሪው የአንድ ሌሊት ልኬት ሰብስቦ ጠዋት ፋይሉን ሲከፍት፣ ከእያንዳንዱ አሥር ውስጥ ከ2 እስከ 7 ያሉት ስድስት ቦታዎች ዜሮ ሆነው አገኛቸው። መለኪያው የተቀመጠበት ክፍል ግን ሞቃት ነበር።

በመጀመሪያ መለኪያውን ጠረጠረ። ከዚያ 10ን በሁለትዮሽ ጻፈው፦ 1010። ሲሸጋሸግ 0101 ይሆናል፤ ሁለቱ የትም አይገናኙም። ቦታ መራጩ ቁጥር 9 ደግሞ 1001 ስለሆነ፣ ሊሰጥ የሚችለው 0፣ 1፣ 8ና 9ን ብቻ ነው። በ0 እና በ1 ላይ ልኬቶች እየተደራረቡ የቀደመውን የኋለኛው አጠፋው። ከአሥሩ የተረፉት የመጨረሻዎቹ አራት ብቻ ነበሩ።

መስመሩ የጠየቀው ሌላ ጥያቄ ኖሯል፦ «ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት 1ዎች አሉን?» የወደቁት 3፣ 6ና 12 ሁሉም እንዲህ ያሉ ጥንዶች ነበሯቸው፤ 5፣ 9ና 10 ግን የሏቸውም። ከ0 እስከ 255 ካሉት ቁጥሮች 55ቱ ይህን ፍተሻ ያልፋሉ፤ የ2 ርቢዎቹ ግን 8 ብቻ ናቸው።

መፍትሔው ማሸጋሸጉን በመቀነስ መተካት ነው፦

```c
ok = n != 0 && (n & (n - 1)) == 0;
```

ከቁጥር ላይ አንድ ሲቀነስ የመጨረሻዋ 1 ወደ ዜሮ ትለወጣለች፤ በስተቀኟ ያሉት ዜሮዎች 1 ይሆናሉ፤ በስተግራዋ ያለው አይነካም። ስለዚህ «እና» ያቺን አንዲት 1 ብቻ ያጠፋል። ሌላ 1 ካለ ይተርፋል፦ 1010 ከ1001 ጋር 1000 ይሰጣል፤ 10ም ይወድቃል። ዜሮ የምትጠፋ 1 ስለሌለው ሳይገባው ያልፍ ነበር፤ እርሱን የሚያግደው የመጀመሪያው ቅድመ ሁኔታ ነው።

በዚህ ጊዜ ተማሪው ጥቂት ቁጥሮችን አልመረጠም። ከ0 እስከ 255 ሁሉንም አሳልፎ ያለፉትን ቆጠረ፤ 8 ሆኑ። የጠፉት ልኬቶች ግን ስለማይመለሱ፣ መጠኑን 16 አድርጎ ሌሊቱን እንደገና ለካ።