ሹራብን በነጠላ ከመቀየር በፊት፦ ትንሽ ፎቶን ለትልቅ ህትመት ማሰናዳት

በቴሌግራም የደረሰ የአንዲት እናት ፎቶ፣ የለበሱት ሹራብ በሀበሻ ቀሚስና በነጠላ ተቀይሮ በ30 በ40 ሴንቲ ሜትር ታጥቦ ይሰቀል ሲባል፣ ሥራው የሚያምረውም የሚበላሸውም ልብሱ ከመነካቱ በፊት ነው። በመጀመሪያ መታየት ያለበት የፎቶው ትክክለኛ መጠን ነው። ፎቶው 960 በ1280 ፒክስል ነው እንበል። 30 ሴንቲ ሜትር 11.8 ኢንች ስለሆነ፣ 960 ለ11.8 ሲካፈል ለአንድ ኢንች የሚደርሰው 81 ፒክስል ብቻ ነው። ይኸው ፎቶ በ10 በ15 ቢታጠብ ለኢንች ከ200 በላይ ፒክስል ስለሚያገኝ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ችግሩ የሚመጣው ከተፈለገው ስፋት ነው።

ብዙዎች እዚህ ላይ የጥራት ሳጥኑ ውስጥ 300 ብለው ይጽፉና የተስተካከለ ይመስላቸዋል። በፎቶሾፕ Image Size ውስጥ Resample ካልተመረጠ ግን ፒክስሉ አይጨምርም፤ የህትመቱ ስፋት ብቻ ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ደግሞም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ራቅ ተብሎ ለሚታይ ፎቶ 200 በቂ ነው። በ200 ከተሠራ 2362 በ3150 ፒክስል ይበቃል፤ ይህም ከዋናው ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ነው። በ300 ይሁን ከተባለ እድገቱ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል፤ ተጨማሪው ፒክስል ደግሞ ከካሜራው የመጣ ሳይሆን በግምት የተሞላ ነው።

ማሳደጉ ግን ከጽዳቱ በኋላ ይመጣል። ማታ በአምፖል ብርሃን በስልክ የተነሳ ፎቶ ጥላው አካባቢ ቀይና አረንጓዴ ነጠብጣብ አለው። በዚያ ላይ ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ትናንሽ ካሬዎች ከፋፍሎ ስለሚጨምቀው የካሬዎቹ ጠርዝ ጉንጭና ግንባር ላይ ይታያል። ይህ ሳይጸዳ ፎቶው ቢያድግ ነጠብጣቡም አብሮ አድጎ የቆዳ ጠባሳ ይመስላል፤ ከዚያ በኋላ ከእውነተኛው መጨማደድ ለይቶ ማጥፋት ይከብዳል።

በ Camera Raw Filter ውስጥ መጀመሪያ የቀለሙ ነጠብጣብ ይቀነሳል፤ ቀጥሎ የብርሃኑ ነጠብጣብ ከ15 እስከ 20 ድረስ በጥቂት በጥቂቱ። ምስሉ 100% ተደርጎ የዓይን ዙሪያ መጨማደድና የቅንድብ ፀጉር ይታያል፤ እነሱ መሟሟት ሲጀምሩ ማቆም ነው። ቆዳው ሰም ከመሰለ ታልፏል ማለት ነው። አንገት ወይም አገጭ ላይ ንቅሳት ካለ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ስለሆነ ፕሮግራሙ እንደ ነጠብጣብ ቆጥሮ ያጠፋዋል፤ ልጆቻቸው ግን ፎቶውን ባዩበት ቅጽበት የሚፈልጉት እሱን ነው። የጸዳው ምስል በተለየ ሌየር ተሠርቶ፣ ንቅሳቱ ያለበት ቦታ በማስክ ቢከለል ችግሩ ይቀራል።

ከዚያ Resample ተመርጦ፣ ዘዴው Preserve Details 2.0 ሆኖ፣ ስፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ጥራቱ 200 ይደረጋል። ፊትን አጥርተው የሚያወጡ ፕሮግራሞች ፈተና ናቸው፤ በዋናው ፎቶ ያልነበረ ጥርስና ሽፋሽፍት ስለሚጨምሩ የተነሳውን ሰው ሌላ ሰው ያደርጉታል። ለመታሰቢያ በሚሰቀል ፎቶ ላይ ይህ አይገባም።

ነጠላው የሚመጣው አሁን ነው፤ የአንገቱንና የፀጉሩን ጠርዝ በማስክ መከተል በሰፋው ምስል ላይ ይቀላል፣ ልብሱም በመጨረሻው መጠን ይቀመጣል። የነጠላው ፎቶ ከሚፈለገው በላይ ትልቅ መሆን አለበት፤ ማሳነስ እንጂ ማሳደግ አይገባም። እዚህ ሥራውን የሚያጋልጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ቀለሙ ነው፦ ፊቱ በአምፖል ብርሃን ቢጫ ሆኖ፣ በቀን የተነሳው ነጠላ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ስለዚህ ነጠላው ትንሽ ይሞቃል፣ ከአገጩ በታችም ለስላሳ ጥላ ይጣልበታል። ሁለተኛው ጥራቱ ነው። የጥለቱ ክር አንድ በአንድ እየተቆጠረ ቅንድቡ ደብዘዝ ካለ፣ ዓይን ወዲያው ልብሱ የተለጠፈ መሆኑን ያውቃል። ነጠላው የቅንድቡን ያህል እስኪደበዝዝ ድረስ በ Gaussian Blur ከ1 ፒክስል ባልበለጠ ይለዝባል፤ በመጨረሻ ፊቱም ልብሱም ላይ በእኩል 1% ያህል ባለ አንድ ቀለም ነጠብጣብ ይጨመራል። ያጸዱትን መልሶ መጨመር ቢመስልም፣ ሁለቱን ምንጮች አንድ ፎቶ የሚያደርጋቸው ይህ ነው።



ከመታተሙ በፊት ከፊቱና ከነጠላው መጋጠሚያ 787 በ1181 ፒክስል ተቆርጦ በ10 በ15 ይታጠባል። በ200 ሲታተም ይህ ቁራጭ በትልቁ ፎቶ ላይ የሚኖረውን መጠን ይዞ ስለሚወጣ፣ ስህተቱ በትንሽ ወረቀት ላይ ይታያል። ከጸደቀ በኋላ ሙሉው ምስል በ sRGB ተቀምጦ ለአታሚው በፍላሽ ይሰጣል፤ በቴሌግራም ከተላከም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላካል፤ አለበለዚያ እንደገና ተጨምቆ ይደርሳል።